የተቀዳ የትምህርት ገለጻን ወደ ተደራጀ ማስታወሻ የመቀየር አሠራር፦ በወላይታ ሶዶ ለሚማሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በዞኑ በሚገኙ ኮሌጆች የሚማሩ ተማሪዎች የመምህራቸውን ገለጻ በስልክ ቀድተው ወደ ጽሑፍ መገልበጥ እየለመዱ ነው። በደቂቃ መቶ ቃል ያህል የሚናገር መምህር በ50 ደቂቃ ውስጥ ወደ 5,000 ቃል ይናገራል። ይህ ሁሉ ሲገለበጥ ከአሥር ገጽ በላይ ይሆናል። በአንድ ሴሚስተር ስድስት የትምህርት ዓይነት ለሚወስድ ተማሪ እንዲህ ያለ ክምር ለጥናት አይመችም። ግልባጩ ሊጠና የሚችለው በርዕስ ተከፋፍሎ፣ ዋና ዋና ነጥቦቹ ተለይተውና የክለሳ ጥያቄዎች ተዘጋጅተውለት ሲቀርብ ነው። ከዚህ በታች አሠራሩ በአንድ ምሳሌ ተብራርቷል። ለምሳሌነት የተመረጠው በዞኑ በስፋት የሚታወቀው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሲሆን፣ የገለጻው ቃል ለማሳያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛው የመምህሩ ፈቃድ ነው፤ ገለጻው ከመጀመሩ በፊት ይጠየቃል፤ ቅጂው ለግል ጥናት እንጂ ለማሰራጨት እንደማይውልም ይገለጻል። ሁለተኛው የደቂቃ ምልክት ነው። ግልባጩ ሲዘጋጅ ቢያንስ በየአንድ ደቂቃው ንግግሩ የደረሰበት ጊዜ በቅንፍ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ምልክት ከሌለ ኋላ አጠራጣሪ ቃል ሲገኝ የ50 ደቂቃውን ቅጂ እንደገና ከመጀመሪያ ማዳመጥ ግድ ይሆናል፤ በተግባር ሲታይ ደግሞ ማንም ተመልሶ አያዳምጥም።

ምሳሌው የሚከተለው ነው።

«[14:10] እሺ፣ ባለፈው ያቆምነው… ከኋላ ይሰማል? እሺ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ፣ ባክቴሪያል ዊልት የምንለው፣ መንስኤው ባክቴሪያ ነው፣ ፈንገስ አይደለም። ይህን ያዙ። [14:52] መጀመሪያ የሚታየው የመሐለኛው ቅጠል ላይ ነው፤ እዚህ ላይ እንደምታዩት ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል። [15:40] መጠውለግ ብቻውን ያረጋግጣል፤ ድርቅም ያጠወልጋል፣ ፍልፈልም ሥሩን ሲበላ ይጠወልጋል። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? የቅጠሉን ዘንግ ቆርጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ እሱ ነው። [16:30] በሳይንስ የተመዘገበው በስልሳ ስምንት ነው፣ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ። [17:05] አርሶ አደሩ ያንኑ ቢላዋ ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። በቃ። ዋናው መንገድ እሱ ነው። ቢላዋውን በእሳት ካላሳለፈ ወይም በበረኪና ካላጠበ ያሰራጫል። [18:20] የታመመውን ለከብት መስጠት ይተላለፋል። [18:55] መዝጊያ የሚባል ዝርያ አለ፣ አረካ ላይ የተሞከረ፣ እሱ ይቋቋማል፤ አይያዝም ማለት ግን አይደለም። [19:30] በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ስላለ…»

የመጀመሪያው ሥራ ግልባጩን ማረም ነው እንጂ ማሳጠር አይደለም። ብዙ ተማሪዎች ይህን ደረጃ ዘልለው በቀጥታ ወደ ማሳጠር ይሄዳሉ፤ የግልባጩ ስሕተትም በማስታወሻው ውስጥ እውነት መስሎ ይቀመጣል። ከላይ በቀረበው አጭር ቅንጫቢ ውስጥ ብቻ እርማት የሚሹ አምስት ቦታዎች አሉ።

በ15:40 ላይ «መጠውለግ ብቻውን ያረጋግጣል» የሚል ተጽፏል። ነገር ግን ተከታዩ ዓረፍተ ነገር ድርቅም ሆነ ፍልፈል እንሰትን እንደሚያጠወልጉ ይናገራል። ሁለቱ አይጣጣሙም። ቅጂው ተመልሶ ሲደመጥ መምህሩ «አያረጋግጥም» ማለታቸው ይገኛል። በአማርኛ አሉታ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው ከቃሉ ፊትና መጨረሻ በሚጨመሩ አጫጭር ድምፆች ስለሆነ፣ በፍጥነት በሚነገር ንግግር ውስጥ በቀላሉ ይዋጣል፤ ሲዋጥ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ተቃራኒ ትርጉም ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ሐሳቦች የማይገናኙበት ቦታ ሲገኝ በቅድሚያ መፈተሽ ያለበት ግሡ ነው።

በ16:30 ላይ ያለው «ስልሳ ስምንት» የዘመን አቆጣጠሩ አልተገለጸም። በሽታው በእንሰት ላይ መታየቱንና መንስኤው የሆነውን ባክቴሪያ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ ሲሆኑ፣ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1960 ወይም 1961 ዓ.ም. ይሆናል። ተማሪው «1968 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። መምህራን በአንድ ገለጻ ውስጥ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ሊጠቀሙ ስለሚችሉ፣ በማስታወሻው ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» የሚለው ሊጻፍ ይገባል።

በ18:55 ላይ የተጻፈው «መዝጊያ» የበር መዝጊያ ሳይሆን «መዝያ» የሚባለው የእንሰት ዝርያ ነው። በወላይታ ዞን የሚገኘው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ምርምር የታወቀ ሲሆን፣ መዝያም በሽታውን በመቋቋም ከሚጠቀሱት ዝርያዎች አንዱ ነው። የዝርያ፣ የቦታና የሰው ስሞች ሲገለበጡ ድምፃቸው ወደሚቀርበው የተለመደ ቃል የመለወጥ ዝንባሌ አላቸው። ዓረፍተ ነገሩ እንግዳ የሆነ ዕቃ ሲጠቅስ ከተገኘ፣ ያ ዕቃ የተበላሸ ስም ሊሆን ይችላል። እንሰትን በወላይትኛ «ኡታ» ብሎ የሚጠራ መምህርም ቢሆን ቃሉ ሲገለበጥ ወደ ሌላ ቃል እንዳይለወጥበት መጠንቀቅ ያሻል።

በ18:20 ላይ ያለው «መስጠት ይተላለፋል» በንግግር የተለመደ ያልተስተካከለ አነጋገር ነው፤ «የታመመውን ተክል ለከብት መስጠት በሽታውን ያስተላልፋል» ተብሎ ሊቃና ይችላል። ሐሳቡን ሳይለውጡ ሰዋስውን ማስተካከል ይፈቀዳል። በ14:52 ላይ ያለው «እዚህ ላይ እንደምታዩት» ግን በማቃናት አይፈታም። መምህሩ የሚያመለክቱት በሰሌዳው ላይ ያለውን ሥዕል ነው፤ ግልባጩ ደግሞ ሥዕል የለውም። በዚህ ቦታ ሥዕሉ ከመምህሩ ስላይድ ወይም ከክፍል ጓደኛ ደብተር ተፈልጎ ሊገለበጥ፣ ካልተገኘም ቦታው ክፍት ተብሎ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። በግምት መሙላት አይመከርም።

እዚህ ላይ የፊደላችን አንድ ጠባይም ሊታሰብ ይገባል። የአማርኛ ጽሕፈት የድምፅ መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ፍልፈሉ ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ ፍልፈሉ በላተኛ ይሁን ተበይ አይታወቅም፤ በጆሮ ሲሰማ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። «አለ» የሚለውም እንዲሁ «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቃል በማስታወሻው ውስጥ ሁለት ትርጉም በማይሰጥ ቃል፣ ለምሳሌ «ሥሩን ይመገባል» ወይም «ተናገረ» ተብሎ ቢተካ ይሻላል።

እርማቱ ካለቀ በኋላ ጽሑፉ ይከፋፈላል። በዚህ ጊዜ ምንም ሳይጻፍ ግልባጩ አንድ ጊዜ ይነበባል፤ ጉዳዩ የሚለወጥበት ቦታ ሁሉ በመስመር ይቆረጣል። ንግግር የራሱ መገጣጠሚያዎች አሉት፤ «እሺ»፣ «ታዲያ»፣ «ወደሚቀጥለው እንለፍ» የሚሉት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ ክፍል መጀመሪያ ናቸው። ይሁን እንጂ በእነርሱ ብቻ መመራት ያሳስታል። በምሳሌው «ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው አዲስ ጉዳይ አይጀምርም፤ በሽታውን የመለየቱን ሥራ ያስቀጥላል። አስተማማኙ መለያ «ይህ ክፍል የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ሲለወጥ ክፍሉ ተለውጧል ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ቅንጫቢው ሦስት ክፍል ይኖረዋል፦ ከ14:10 እስከ 17:05 በሽታውን መለየት፣ ከ17:05 እስከ 18:55 መተላለፊያው፣ ከ18:55 በኋላ ዝርያ። ስለ ድምፅና ስለ ፈተና የተነገረው ይወጣል፤ የፈተናው ቀን ግን በሌላ ቦታ ይመዝገብ።

የክፍሉ ርዕስ የክፍሉን ይዘት መናገር አለበት። «መግቢያ»፣ «ምልክቶች»፣ «ልዩ ልዩ ነጥቦች» የሚሉ ርዕሶች ከወር በኋላ ለሚከልሰው ተማሪ ምንም አይነግሩም። «አጠውልግ ከሌላ ጥውልጋ በምን ይለያል?» የሚለው ግን ጥናቱን ያስጀምራል። ርዕሱን በጥያቄ መልክ መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሥሩ የሚጻፉት ነጥቦች ያንን ጥያቄ ካልመለሱ የተሳሳተ ቦታ እንደገቡ ወዲያው ይታያል።

ዋና ነጥብ የሚባለው ከግልባጩ ተለይቶ ብቻውን ቢነበብ ትርጉም የሚሰጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «ቢላዋ» ተብሎ የተጻፈ ነጥብ ማስታወሻ አይባልም። «በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው የታመመ ተክል በቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን በመቁረጥ ነው» የሚለው ግን ነጥብ ነው። በማሳጠር ሂደት በቅድሚያ የሚጠፉት «ካልሆነ በስተቀር»፣ «ብቻውን»፣ «በዋናነት»፣ «ግን አይደለም» የሚሉት ገዳቢ ቃላት ናቸው፤ መጠበቅ ያለባቸውም እነርሱ ናቸው። በምሳሌው «ይቋቋማል፤ አይያዝም ማለት ግን አይደለም» የሚለው ወደ «መዝያ በአጠውልግ አይያዝም» ቢያጥር፣ ተማሪው በፈተና ነጥብ ከማጣት አልፎ ነገ የልማት ሠራተኛ ሲሆን አርሶ አደሩን ያሳስታል። መዝያ የተከለ አርሶ አደርም ቢላዋውን ማጽዳት አይተውም።

እነዚህ ደንቦች በሥራ ላይ ሲውሉ ከግልባጩ የሚገኘው ማስታወሻ የሚከተለውን ይመስላል።

አጠውልግ ከሌላ ጥውልጋ በምን ይለያል?
– መንስኤው ባክቴሪያ ነው፤ ፈንገስ አይደለም። በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። (14:10፣ 16:30)
– ምልክቱ በመጀመሪያ በመሐለኛው ቅጠል ላይ ይታያል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል። ሥዕሉ ከስላይድ ይገልበጥ። (14:52)
– መጠውለግ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ ድርቅና ሥር የሚመገብ ፍልፈልም ያጠወልጋሉ። (15:40)
– ማረጋገጫው የቅጠሉን ዘንግ ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ በሽታው አጠውልግ ነው። (15:40)

በሽታው ከተክል ወደ ተክል እንዴት ይሄዳል?
– በዋናነት የታመመ ተክል በቆረጠና ባልጸዳ ቢላዋ። (17:05)
– ቢላዋው በእሳት በማሳለፍ ወይም በበረኪና በማጠብ ይጸዳል። (17:05)
– የታመመውን ተክል ለከብት መስጠትም ያስተላልፋል። (18:20)

ዝርያ መምረጥ ምን ያህል ይከላከላል?
– በአረካ የተሞከረው መዝያ በሽታውን ይቋቋማል፤ ፈጽሞ አይያዝም ማለት ግን አይደለም። (18:55)

የሚጣራ፦ «ጥቂት ደቂቃ» ስንት ነው? በረኪናው በምን ያህል ውኃ ይበረዛል? መምህሩ ይጠየቁ።

የመጨረሻው ሳጥን ትንሽ ቢመስልም ከማስታወሻው ሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ሊሆን ይችላል። በገለጻው ያልተነገረውን ነገር ተማሪው ሳይሞላ፣ እንዳልተነገረ መዝግቦ ወደ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይዞት ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማሪያውና የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑም፣ መምህሩ በአማርኛ ያብራሩት ቢሆን እንኳ የሙያ ቃሉ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ከአማርኛው ጎን ሊሰፍር ይገባል። የቃሉ ትክክለኛ ፊደል ከግልባጩ ሳይሆን ከመማሪያ መጽሐፉ ወይም ከስላይዱ ይወሰዳል።

የክለሳ ጥያቄዎች የሚወጡት ከዋና ነጥቦቹ ነው፤ ከግልባጩ በቀጥታ አይወጡም። ለ50 ደቂቃ ገለጻ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ብዙ ሲሆኑ ጥያቄዎቹ ጥቃቅን ዝርዝር ይለቃቅማሉ፤ ተማሪውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይተዋቸዋል። «የአጠውልግ መንስኤ ባክቴሪያ ነውን?» የሚለው ደካማ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ራሱ ይዟል፤ ሳያውቁ ቢመልሱትም የማግኘት ዕድሉ ግማሽ ነው። የሚከተሉት ሦስቱ ግን ከዚያው ማስታወሻ ወጥተው ተማሪውን ያሠራሉ።

የመጀመሪያው፦ «በአንድ ማሳ ሁለት እንሰት ጠውልገዋል። አንዱ በድርቅ፣ ሌላው በአጠውልግ መሆኑ በምን ይረጋገጣል?» ይህ ጥያቄ «ብቻውን» የሚለውን ገደብ መያዝ አለመያዝን ይፈትናል። ሁለተኛው፦ «አንድ አርሶ አደር በአንድ ቢላዋ ሃያ እንሰቶችን በተራ ቆረጠ፤ ሦስተኛው ታሞ ነበር። በቢላዋው ምክንያት ለአደጋ የተጋለጡት የትኞቹ ናቸው? ለምን?» መልሱ ከአራተኛው እስከ ሃያኛው ያሉት ናቸው። «ሁሉም» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ቢላዋው በሽታውን ከታመመው ወደ ተከታዩ እንደሚያደርስ አልተረዳም። ሦስተኛው፦ «‹ይቋቋማል› እና ‹አይያዝም› በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ያላስተዋለ የልማት ሠራተኛ ለአርሶ አደሩ ምን የተሳሳተ ምክር ሊሰጥ ይችላል?» መልሶቹ በሌላ ገጽ ላይ ከደቂቃቸው ጋር ይጻፋሉ። ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ዓይን ወደ መልሱ መሄዱ አይቀርም።

የገጹን አቀማመጥ በተመለከተ በስፋት የሚሠራበት የኮርኔል አሠራር ይባላል። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዋልተር ፓውክ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ለተራ ወረቀት ይመቻል። 21 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ወረቀት በግራ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ያህል በመስመር ይለያል፤ በቀኙ ሰፊ ክፍል ርዕሶቹና ነጥቦቹ፣ በግራው ጠባብ ክፍል ጥያቄዎቹ ይጻፋሉ፤ ከታች የሚተወው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ገጹን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጠቅለል ይውላል። በክለሳ ጊዜ ቀኙ በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ ጥያቄዎቹ በቃል ይመለሳሉ። ኮምፒውተር የሌለው ተማሪም ስለዚህ ምንም አይጎድልበትም።

ሸፍኖ መመለስ ለምን እንደሚያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ያሳያል። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሁለት ቀንና ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ደግሞ ማንበብ ያወቁ ያህል ስለሚያሰማ፣ ፈተና ሲደርስ ብቻ ማስታወሻውን መላልሶ ያነበበ ተማሪ ያታለለውን ነገር አያውቀውም። በዚህ መሠረት ጥያቄዎቹ በማግሥቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ቢመለሱ፣ ያልተመለሱትም ብቻ ምልክት ተደርጎባቸው ተመልሰው ቢጠኑ ጊዜ ይቆጥባል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚወስዱ ሲሆን፣ ለማለፍ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ፈተናው በተለያዩ ዓመታት የተወሰዱ ትምህርቶችን ስለሚያካትት፣ በሁለተኛ ዓመት የተዘጋጀ ማስታወሻ በመጨረሻው ዓመት ሊፈለግ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማስታወሻ ራስጌ ላይ የትምህርቱ ስምና መለያ ቁጥር፣ የገለጻው ቀን ከነዓመቱ አቆጣጠር፣ የመምህሩ ስምና የቅጂው ፋይል ስም ይጻፋል። ዋናው ቅጂና ያልታረመው ግልባጭ ቢያንስ የዚያ ትምህርት ውጤት እስኪጸድቅ ድረስ ሳይሰረዙ ይቀመጣሉ፤ በማስታወሻው ላይ ያለው የደቂቃ ምልክት የሚያገለግለው እነርሱ እስካሉ ድረስ ነው።